ሰው ሠራሽ አስተውሎት የአማርኛ ታፔላ መጻፍ ለምን ያቅተዋል? መፍትሔውስ ምንድን ነው?

በአንዲት የወረዳ ከተማ ማር የሚሸጥ ነጋዴ ለሱቁ አዲስ ባነር ለማሠራት አሰበ እንበል። የእጅ ስልኩን አውጥቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምሥል የሚያመነጭ መተግበሪያ ከፈተና “ንጹሕ ነጭ ማር፣ ኪሎው 800 ብር የሚል የማር ማስታወቂያ ሥራልኝ” ሲል አዘዘ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የመጣው ምሥል ያማረ ነበር፤ ማሩ ያበራል፣ አበባው ያማልላል። ጽሑፉ ግን ሌላ ነገር ነው። “ማር” የሚለው ቃል በየትኛውም የፊደል ገበታ በማይገኝ ቅርጽ ተተክቷል፤ “ብር” የሚለው “በር” ሆኗል፤ ከ800 የመጀመሪያው ቁጥር 3 ይሁን 8 አይለይም።

ነጋዴው ይህን ሳያስተውል ምሥሉን ወደ ማተሚያ ቤት ቢልክ የታተመው ባነር አይታረምም፤ የከፈለው ገንዘብ ይባክናል። በ300 ብር ማር አገኛለሁ ብሎ የመጣ ገዢም ባዶ እጁን ተቆጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። የክትባት ቀን የሚያሳውቅ፣ የመድኃኒት መጠን የሚገልጽ ወይም የስልክ ቁጥር የያዘ ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከዚህም የከፋ ይሆን ነበር።

ማር ሻጩ ትዕዛዙን አሥር ጊዜ ቢደግም አሥር የተለያዩ ስሕተቶች ሊያገኝ ይችላል። ይህ የሚሆነው ትዕዛዙ ስለተሳሳተ አይደለም፤ መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ ከጽሕፈት የተለየ ስለሆነ ነው።

መሣሪያው አይጽፍም፤ ይሥላል

አንድ ሰው በኮምፒዩተር ወይም በስልክ “ማር” ብሎ ሲተይብ መሣሪያው ለእያንዳንዱ ፊደል የተመደበለትን መለያ ቁጥር ይመዘግባል። የኢትዮጵያ ፊደላት ይህን ዓለም አቀፍ መለያ ያገኙት እ.ኤ.አ በ1999 ዩኒኮድ በተሰኘው የፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲካተቱ ነው። “ማ” የራሷ ቁጥር አላት፣ “ር” የራሷ ቁጥር አላት። መለያው አንድ ስለሆነ በአንድ ስልክ የተተየበ ቃል በሌላው ስልክም ያው ቃል ሆኖ ይነበባል።

ምሥል አመንጪው ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አይገልጥም። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት ሥራውን የሚጀምረው ከዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ነው። ከዚያም በሥልጠናው ወቅት ካያቸው እጅግ ብዙ ምሥሎች በተማረው መሠረት ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ እያጠራ ወደ ታዘዘው ምሥል ያቀርበዋል። ለዚህ መሣሪያ ፊደል ማለት እንደ ቅጠልና እንደ ድንጋይ አንድ የቅርጽ ዓይነት ነው። አንድ ቅጠል ከሌላው ጥቂት ቢለይ ማንም አይታዘበውም፤ ቅጠልነቱን አያጣምና። ፊደል ግን ጥቂት ከተለየ ሌላ ፊደል ይሆናል፤ ያለዚያም ጭራሽ ፊደል መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት መሣሪያው ትዕዛዙን የሚያነብበት መንገድ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተጻፈላቸውን ቃል ፊደል በፊደል አያዩም። ቃሉን ወይም የቃሉን ቁራጭ እንደ አንድ እሽግ ወስደው ትርጉሙን ይይዛሉ። ስለዚህ “ማር” ሲባሉ ስለ ማር ብዙ ሊያውቁ ቢችሉም ቃሉ ከየትኞቹ ፊደላት እንደተሠራ አያስተውሉም። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2022 ባወጡት ጥናት ቃሉን በፊደል ደረጃ የሚያይ አንባቢ የተገጠመላቸው መሣሪያዎች በምሥል ውስጥ የሚያሰፍሩት ጽሑፍ ይበልጥ ትክክል እንደሚሆን አሳይተዋል።

በዚያው ዓመት የኩባንያው ተመራማሪዎች በሌላ ሥራ አንድን ትዕዛዝ መጠናቸው ለተለያየ አራት መሣሪያዎች ሰጥተው ነበር። ትዕዛዙ በደረቱ ላይ አጭር የእንግሊዝኛ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ጽሑፍ የያዘ ካንጋሩ እንዲሥሉ የሚል ነው። ትንንሾቹ ካንጋሩውን ሲሥሉ ጽሑፉን አበላሽተውታል፤ 20 ቢሊዮን የውስጥ መለኪያዎች ያሉት ትልቁ መሣሪያ ግን በትክክል ጻፈው። ከዚያ ወዲህ የወጡት መሣሪያዎች አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጻፍን በአብዛኛው ተክነውበታል።

የአማርኛ ፊደል ለምን ይበልጥ ያስቸግራል?

እንግሊዝኛ 26 ፊደላት አሉት። የአማርኛ ፊደል ገበታ ደግሞ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 33 ፊደላትን በሰባት ረድፍ ሲያሰልፍ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። በሥልጠናው የገቡት ምሥሎች በአብዛኛው የላቲን ጽሑፍ የያዙ ሲሆኑ በአማርኛ የተጻፈ ታፔላ የሚታይባቸው ጥቂቶች ናቸው። መሣሪያው ሊማረው የሚገባው ቅርጽ በዛ፤ የሚማርበት ምሳሌ ግን አነሰ።

ከዚህም በላይ የአማርኛ ፊደላት የሚለያዩት በጥቃቅን ምልክቶች ነው። “በ”ን እንውሰድ። ሁለት እኩል እግሮች አሏት። በቀኝ ወገቧ ላይ ጭረት ሲጨመር “ቡ”፣ ጭረቱ ወደ ቀኝ እግሯ ጫፍ ሲወርድ “ቢ” ትሆናለች። ግራ እግሯ ሲያጥር “ባ”፣ ቀኝ እግሯ ላይ ቀለበት ሲታሰር “ቤ”፣ በግራ ወገቧ ላይ ጭረት ሲወጣ “ብ”፣ ቀኝ እግሯ ሲያጥር ደግሞ “ቦ” ናት። በማር ሻጩ ምሥል “ብር” ወደ “በር” የተለወጠው አንዲት የግራ ጭረት ስለጠፋች ብቻ ነው። በዚሁ መንገድ “ምርጥ ዘር” የሚል የግብርና ማስታወቂያ “ምርጥ ዛር” ሆኖ ቢወጣ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም።

ይህች ጭረት የምትጠፋበት ምክንያት በቁጥርም ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2022 ለሕዝብ የተለቀቀው ስቴብል ዲፊዩዥን የተባለው መሣሪያ ምሥሉን በቀጥታ አይሠራም። ሥራው እንዲቀልለት ምሥሉን ጨምቆ ይይዘዋል፤ በወርድ 8፣ በቁመት 8 ነጠብጣቦች የያዘ ካሬ በአንድ ክፍል ይጠቃለላል። በወርድና በቁመት 512 ነጠብጣብ ያለው ምሥል በዚህ መንገድ በወርድና በቁመት 64 ክፍል ብቻ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ምሥል ላይ አንድ ፊደል 24 ነጠብጣብ ቁመት ቢኖረው የሚደርሰው የሦስት ክፍል ቁመት ነው። “ብ”ን ከ“በ” የምትለየው ጭረት አራት ነጠብጣብ ብትረዝም ግማሽ ክፍል እንኳ አትሞላም። መሣሪያው ምሥሉን መልሶ ሲዘረጋው ትንሿን ጭረት በግምት ይሞላታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይስታል። ፊደሉ ባነሰ ቁጥር ስሕተቱ የሚበዛው ለዚህ ነው።

አንዳንድ አዳዲስ መሣሪያዎች አንድ ሁለት የአማርኛ ቃላትን አልፎ አልፎ በትክክል ይጽፋሉ። ችግሩ ዛሬ የተሳካው ነገ ላለመሳሳቱ ዋስትና አለመኖሩ ነው። እንዲያውም ስምንት ትክክለኛ ፊደላት መካከል የተሸሸገ አንድ የተሳሳተ ፊደል ሙሉ በሙሉ ከተበላሸ ጽሑፍ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ዓይን ያልፈዋልና።

ሥራውን መከፋፈል

አስተማማኙ መንገድ ሥዕሉን ለመሣሪያው፣ ጽሑፉን ለሰው መተው ነው። ምሥል አመንጪው የጽሑፉን ቦታ ባዶ አድርጎ ሥዕሉን ይሠራል፤ ፊደላቱን ተጠቃሚው ራሱ ይተይባቸዋል። ማር ሻጩ በዚህ መንገድ ባነሩን እንዴት ሊያሠራ እንደሚችል ደረጃ በደረጃ መመልከት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሥራ ከስልክ ውጭ የሚሠራ ነው፤ ጽሑፉን መወሰንና ቦታውን መለካት። ባነሩ 3 ሜትር ወርድና 1 ሜትር ቁመት አለው እንበል። በታፔላ ሥራ የተለመደ መለኪያ አለ፤ አንባቢው በሚቆምበት በየ3 ሜትሩ ርቀት ለፊደሉ ቁመት 2 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ይታሰባል። ከመንገዱ ማዶ 30 ሜትር ርቆ ለሚያልፍ ሰው ፊደሉ 25 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። በዚህ ልክ “ንጹሕ ነጭ ማር” የሚለው ብቻ ወደ 2 ሜትር ገደማ ወርድ ይፈጃል። ከሥሩ በአነስተኛ ፊደል የስልክ ቁጥር ሲጨመር ባነሩ ሞልቷል። ዋጋው የሚለዋወጥ በመሆኑ በባነሩ ላይ ባይታተም ይመረጣል።

ከዚህ ልኬት በመነሣት ከምሥሉ ሁለት ሦስተኛው ባዶ ሆኖ መቅረት እንዳለበት ይታወቃል። ትዕዛዙም ይህን ይናገራል፦

```
ሰፊ አግድም ምሥል። በቀኝ ዳር አንድ ሦስተኛው ላይ ነጭ ማር
የሞላበት የብርጭቆ ዕቃ እና የማር እንጀራ። የቀረው ሁለት ሦስተኛ
ወጥ የሆነ፣ ለስላሳ፣ ባዶ የክሬም ቀለም። የጠዋት ብርሃን።
```

በዚህ ትዕዛዝ ውስጥ “ማስታወቂያ”፣ “ታፔላ” ወይም “ጽሑፍ” የሚሉ ቃላት አልገቡም። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መሣሪያው ማስታወቂያ ሲባል በሥልጠናው ያያቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ ፊደል ስላላቸው ፊደል ለመሥራት ይሞክራል። “ጽሑፍ አታድርግ” ማለትም ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያስከትላል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች አሉታን በሚገባ ስለማይረዱ “ጽሑፍ” የሚለው ቃል መጠቀሱ ራሱ ጽሑፍን ይጠራል። ስለዚህ የማይፈለገውን ከመከልከል ይልቅ የሚፈለገውን መግለጽ ይሻላል፤ ለምሳሌ “ወጥ፣ ለስላሳ፣ ባዶ” ማለት። አንዳንድ መተግበሪያዎች የማይፈለጉ ነገሮች የሚዘረዘሩበት የተለየ ሣጥን አላቸው፤ “ጽሑፍ፣ ፊደል” የሚሉት ቃላት መግባት ያለባቸው እዚያ ነው። አማርኛ በደንብ የማይረዳ መሣሪያ ከሆነ ይኸው ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ይጻፋል።

ምሥሉ ሲመጣ በብርጭቆው ዕቃ ላይ የተበላሸ ፊደል ያለበት ትንሽ ወረቀት ሊታይ ይችላል። ምሥሉን እንደገና ከማሠራት ይልቅ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ያንን ቦታ ብቻ በጣት ቀብቶ ለማጥፋት ይፈቅዳሉ። ይህ ካልተቻለ ወጥ ቀለም ያለው ካሬ በላዩ ማስቀመጥ ይበቃል።

ቀጣዩ ደረጃ ፊደላቱን መተየብ ነው። ለዚህ በስልክ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ፣ ወይም በኮምፒዩተር ፓወር ፖይንት በቂ ነው። ምሥሉ ይገባል፤ በባዶው ቦታ ላይ የጽሑፍ ሣጥን ይከፈታል፤ ቃሉ በአማርኛ የፊደል ሰሌዳ ይተየባል። የሚመረጠው ፎንት የዩኒኮድ መሆን አለበት። `Noto Sans Ethiopic` እና `Abyssinica SIL` በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ `Nyala` ደግሞ በአንዳንድ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይገኛል። ለሩቅ አንባቢ ወፍራምና ወጥ ውፍረት ያለው ፊደል ይሻላል፤ የቀጭን ፊደል ጥቃቅን ጭረቶች ከሩቅ ይጠፋሉና። በክሬም ቀለም ላይ ጥቁር ቡናማ ፊደል ጎልቶ ይነበባል።

ከስልክ ወደ ማተሚያ ቤት

ፊደሉን ለብቻ መተየብ ሌላም ጥቅም አለው። ከመሣሪያው የተገኘው ምሥል 1,024 ነጠብጣብ ወርድ ቢኖረውና በ3 ሜትር ባነር ላይ ቢለጠጥ እያንዳንዱ ነጠብጣብ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ማሩና አበባው ጥቂት ቢደበዝዙ ከሩቅ አይታወቅም። ፊደል ሲደበዝዝ ግን ወዲያው ይታያል። የተተየበው ፊደል በፒዲኤፍ ፋይል ከተቀመጠ በማንኛውም መጠን ቢለጠጥ ጠርዙ እንደጠራ ይቆያል። ስለሆነም ለማተሚያ ቤቱ የሚላከው ፒዲኤፍ ነው እንጂ የስልኩን ገጽ ፎቶ አንሥቶ መላክ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ እንቅፋት አለ። ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ ካልተካተተና የማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር የተመረጠው ፎንት ከሌለው አማርኛው ወደ ባዶ ሣጥኖች ወይም ወደ ሌላ ፎንት ይለወጣል። በቀድሞዎቹ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ፎንቱን ከፋይሉ ጋር መላክ ወይም ባለሙያው ፊደላቱን ወደ ቅርጽ እንዲለውጣቸው መጠየቅ ነው። ወደ ቅርጽ የተለወጠ ፊደል ፎንት አይፈልግም፤ ዳግመኛ በመተየብ ግን ሊታረም አይችልም። በመሆኑም ከመለወጡ በፊት የታረመው ቅጂ ለብቻው ይቀመጣል።

በተንቀሳቃሽ ምሥል ላይ የሚወጣ ጽሑፍ

ማር ሻጩ ለቴሌግራም አጭር ቪዲዮም ይፈልግ ይሆናል። በቪዲዮ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ አንድ ሰከንድ ቪዲዮ 24 ወይም ከዚያ በላይ ምሥሎችን ይይዛል፤ መሣሪያው ፊደሉን በእያንዳንዱ ምሥል ላይ አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ አለበት። ካልቻለ ሰሌዳው ሲንቀሳቀስ ፊደሉ እንደ ቅቤ እየቀለጠ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ይለወጣል። የመጀመሪያው ምሥል ትክክል መሆኑ የመጨረሻው ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

መፍትሔው እዚህም ያው ነው። ቪዲዮው ያለ ጽሑፍ ይሠራል፤ “800 ብር” የሚለው በቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ በመጨረሻ ይጨመራል። ዋጋው ሲለወጥ የሚለወጠውም ጽሑፉ ብቻ ይሆናል። በቪዲዮው ጀርባ ሱቆችና ታፔላዎች ካሉ በትዕዛዙ ላይ “ጀርባው የደበዘዘ” ማለት ወይም ሱቅ የሌለበትን ሥፍራ፣ ለምሳሌ የአበባ መስክ መምረጥ ይቻላል። ጽሑፉ በማያ ገጹ ላይ የሚቆይበት ጊዜም ይታሰብ፤ ድምፅ አውጥቶ በዝግታ ሁለት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ ከሆነ ለአብዛኛው ተመልካች ይደርሳል። የስልክ መተግበሪያዎች በግርጌውና በቀኙ ጠርዝ ላይ ምልክቶቻቸውን ስለሚያስቀምጡ ቁጥር ወደዚያ ባይጠጋ ይመረጣል።

ሰሌዳው በምሥሉ ውስጥ እንዳለ ዕቃ እንዲመስል ከተፈለገስ? ያኔ ትዕዛዙ ሰሌዳው ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ እንዲታይ፣ ካሜራውም እንዳይንቀሳቀስ ይጠይቃል። ሰሌዳው ወደ ጎን ካዘነበለ የተተየበው ጽሑፍም በማስተካከያው ተዛንፎ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። አንዳንዶች ትክክለኛውን ጽሑፍ ፎቶ አድርገው ለመሣሪያው በመስጠት በሰሌዳው ላይ እንዲያሰፍረው ያዝዛሉ። ይህ ስሕተቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን መሣሪያው ፎቶውንም እንደገና ስለሚሥለው ጭረት ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የሚመጣውን ውጤት ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም።

ከመታተሙ በፊት

ሰው የጻፈውን ሲያነብ ያለውን ሳይሆን ሊል የፈለገውን ያነባል። ማር ሻጩ “ማር” የሚለውን ቃል በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚያየው ቢሳሳትም ማር አድርጎ ያነበዋል። ይህን ለማምለጥ ጽሑፉ ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው፣ አንድ በአንድ ይነበባል፤ “ር፣ ማ፤ ጭ፣ ነ፤ ሕ፣ ጹ፣ ን”። በዚህ አነባበብ ቃሉ ትርጉም ስለሚያጣ ዓይን ቅርጹን ለማየት ይገደዳል። ቀጥሎም ስለ ሥራው ምንም የማያውቅ ሌላ ሰው ድምፅ አውጥቶ እንዲያነበው ይደረጋል። የስልክ ቁጥሩ ደግሞ ከወረቀቱ እየታየ ይደወልበታል፤ የሱቁ ስልክ ከጠራ ትክክል ነው።

በመጨረሻም ሙሉ ባነሩ ከመታተሙ በፊት በኤ ፎር ወረቀት አንድ ቅጂ ይወጣል። 3 ሜትሩ ባነር ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያንስ ልኩ አንድ አሥረኛ ነው። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከ3 ሜትር ርቀት ሲታይ ባነሩ ከ30 ሜትር እንደሚታየው ያህል ይታያል። ከዚያ ርቀት “ብ” ከ“በ” ተለይታ ከተነበበች ባነሩ ሊታተም ይችላል። ካልተለየች ፊደሉ ይወፍራል ወይም ይተልቃል፤ የወረቀቱ ዋጋ ከባነሩ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።